ምርታችሁን ለጅምላ አከፋፋይ ስትሰጡ ማርጂኑን፣ ሶል ኤጀንትነቱንና ዱቤውን እንዴት ትደራደራላችሁ

ይሄ ትንሽ ማምረቻ ላላቸው ሰዎች ነው፣ ሳሙና፣ የታሸገ ሽሮ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ ምናምን እያመረቱ እስካሁን በየሱቁ እየዞሩ ሲሸጡ ለቆዩና አሁን አንድ ጅምላ ነጋዴ «ለኔ ስጡኝ እኔ ላከፋፍልላችሁ» ላላቸው። ጥያቄው ሲመጣ ደስ ይላል፣ ግን እዛ ጠረጴዛ ላይ ሚወራው ነገር ለሚቀጥለው አንድ ሁለት አመት ትርፋችሁን ይወስነዋል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሚደራደረው ስለ ፐርሰንት ብቻ ነው፣ «10 ስጠኝ፣ የለም 8» እየተባለ፣ ከዛ ብቸኛ አከፋፋይነቱና ዱቤው በመጨረሻ እንደ ምርቃት ይሰጣል። እኔ ማምነው ሦስቱም አንድ ዋጋ ናቸው ነው። ማርጂንም፣ ሶል ኤጀንትነትም፣ የክፍያ ቀንም በካርቶን ስንት ብር እንደሚያወጡ ማስላት ይቻላል፣ ማስላት ከቻላችሁ ደግሞ አንዱን ሰጥታችሁ ሌላውን መቀበል ትችላላችሁ።

አብሬ ተቀምጬ ያየሁትን አንድ ድርድር ይዤ ልሂድ። አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ታመርታለች፣ 12 ጠርሙስ በካርቶን። ሐዋሳ ያሉ አንድ ትልቅ ነጋዴ ሊያከፋፍሉላት ፈለጉ። ሦስት ነገር ጠየቁ፣ 15 በመቶ ማርጂን፣ «ደቡብን በሙሉ ለኔ ብቻ»፣ እና የ60 ቀን ዱቤ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመች አጠጋግቻቸዋለሁ፣ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ከሱቅ መደርደሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች አስሉ

ብዙ አምራች ሚያሰላው ከራሱ ወጪ ተነስቶ ነው፣ ወጪዬ ይሄ ነው፣ ትርፍ ልጨምርበትና ለጅምላው ልስጠው፣ እሱ ደግሞ የፈለገውን ይጨምር ብሎ። ችግሩ እቃው ሱቅ ሲደርስ ከጎኑ ካሉት ብራንዶች ውድ ሆኖ ይገኛል፣ ማንም አያነሳውም፣ ጅምላውም «እቃችሁ አይንቀሳቀስም» ይላችኋል። ስለዚ መጀመሪያ ሱቅ ገብታችሁ ከናንተ ጋር ሚወዳደሩት እቃዎች ደንበኛው በስንት እንደሚገዛቸው እዩ። የልጅቷ ሳሙና አንዱ ጠርሙስ 115 ብር ቢሸጥ ይሄዳል ተባለ። 12 ጠርሙስ 1,380 ብር ነው፣ ቫቱን 15 በመቶ ስታወጡለት 1,200 ብር ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሁሉንም ከቫት በፊት ባለው ዋጋ አስሉ።

ከ1,200ው ላይ ባለሱቁ 15 በመቶ ይፈልጋል፣ 180 ብር ነው። ስለዚ ጅምላው ለባለሱቁ ሚሸጠው በ1,020 ነው። ጅምላው ከራሱ መሸጫ ላይ 10 በመቶ ቢያገኝ 102 ብር ይወስዳል፣ ልጅቷ ለሱ ምትሸጠው 918 ብር ይሆናል። ሐዋሳ ድረስ ማጓጓዣውና ጫኝ አውራጁ በካርቶን 18 ብር ነው፣ እሱን እሷ ከቻለች 900 ይቀራታል። ኬሚካሎቹ ላብሳና ቴክሳፖን፣ ጠርሙሱ፣ ሌብሉ፣ ደሞዙ፣ ኪራዩ ሁሉ ተደምሮ አንድ ካርቶን 780 ብር ይፈጅባታል። ስለዚ ከአንድ ካርቶን 120 ብር ታተርፋለች። ይቺን 120 ብር በትልቁ ጽፋችሁ ያዙ፣ ድርድሩ በሙሉ ከሷ ላይ ነው ሚቆረሰው። አከፋፋዩ አንድ ነገር በጠየቃችሁ ቁጥር ወደ ብር ቀይራችሁ ከ120ው ላይ ቀንሱ።

ወጪውን ስታሰሉ ደግሞ የራሳችሁን ደሞዝና ሚሰበረውን፣ ሚፈሰውን እቃ አትርሱ። እነሱ ካልገቡ 120 ብሩ የውሸት ነው፣ ድርድሩ ላይም ያለውን ቦታ ሳታውቁ ትሰጣላችሁ።

2. ማርጂን፦ ፐርሰንቱን ከመስማማታችሁ በፊት ከምኑ ላይ እንደሆነ ተስማሙ

ነጋዴው 15 በመቶ ሲሉ እሷ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ፣ 15 ያሉኝ እርሶ ለሱቁ ከሚሸጡበት ላይ ነው ወይስ እኔ ለእርሶ ከምሸጥበት ላይ?»

«ምን ልዩነት አለው ልጄ፣ 15 ያው 15 ነው።»

ልዩነት አለው። ከእሳቸው መሸጫ ከ1,020 ላይ 15 በመቶ ማለት 153 ብር ነው፣ እሷ በ867 መሸጥ አለባት። ግን እሷ በሸጠችበት ላይ 15 በመቶ ጨምረው ይሽጡ ከተባለ 887 ብር አካባቢ ትሸጥላቸዋለች፣ በላዩ 15 በመቶ ሲጨምሩ 1,020 ይመጣል። በካርቶን የ20 ብር ልዩነት ነው። በወር 300 ካርቶን ቢወስዱ 6,000 ብር ማለት ነው፣ ሁለቱም ሰው ግን «በ15 ተስማማን» ብሎ ነው ቤቱ ሚገባው። መርካቶ አካባቢ ብዙ ጊዜ ሚወራው በገዙበት ላይ ሚጨመረው ነው፣ ግን ይሄን እንደ ደንብ አትያዙት፣ ጠይቁ። ከሁሉ ሚሻለው ውሉ ላይ ፐርሰንቱን ትታችሁ ዋጋውን በብር መጻፍ ነው፣ «ለአከፋፋዩ መሸጫ ዋጋ በካርቶን 918 ብር፣ ቫት ሳይጨምር» ብላችሁ።

ቫት ሳይጨምር ሚለውን በጣም ተጠንቀቁበት። 918 ብር ተባብላችሁ እሳቸው ቫትን ጨምሮ ነው ብለው ቢወጡ፣ ለናንተ ሚቀረው 918 ሲካፈል ለ1.15 ነው፣ 798 ብር ከ26 ሳንቲም። ማጓጓዣ 18፣ ወጪ 780። ትርፋችሁ 26 ሳንቲም ነው። አንድ ቃል ናት፣ 120 ብሩን በሙሉ ትበላዋለች።

ሌላው ማርጂኑን በጎን ሚበላው «10 ስወስድ 1 ነፃ» ሚለው ጥያቄ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል ግን ነፃዋ ካርቶን 780 ብር ወጥቶባት 18 ብር ተጓጉዛ ነው ምትሄደው፣ ለአስሩ ስታካፍሏት ከእያንዳንዱ ካርቶን 80 ብር ገደማ ወሰደች ማለት ነው። ከ120ው 40 ይቀራችኋል። ቦነስ መስጠት ካለባችሁ በየጭነቱ አትስጡ፣ በሦስት ወር አንዴ የተስማማችሁት መጠን ካለፈ ካለፈው ላይ ብቻ ስጡ፣ ያውም በእቃ። በየጭነቱ ሚሰጥ ነፃ እቃ ሁለት ወር ሳይሞላ ዋጋ ይሆናል፣ ስታቆሙት ዋጋ የጨመራችሁ ነው ሚመስለው።

ከዛ ማርጂኑ ለምን ስራ እንደሆነ ጠይቁ። ሱቁ ቁጭ ብሎ መጥቶ ለገዛው ሚሸጥ ጅምላ ነጋዴና መኪና አውጥቶ፣ ሽያጭ ሰራተኛ ቀጥሮ ሱቅ ድረስ ሚያደርስ አከፋፋይ እኩል መከፈል የለባቸውም። ሚያደርሱ ከሆነ 10 በመቶው በደንብ ይገባቸዋል። ካላወቃችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ 7 በመቶው እቃውን ስለያዙት፣ 3 በመቶው ሱቅ ድረስ ስላደረሱት፣ ሦስቱ ሚታሰበው በወሩ መጨረሻ እቃው የደረሰባቸውን ሱቆች ዝርዝር ከነመጠኑ ሲያመጡ ነው። በዛውም እቃችሁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ይሄ መረጃ ውሉ ቢፈርስ እንኳን አብሯችሁ ይቀራል።

አንድ የሕግ ነገር አለ። አከፋፋዩን «ከዚህ ዋጋ በታች እንዳትሸጥ» ብላችሁ ውል ላይ አትጻፉ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አምራች አከፋፋዩ መልሶ ሚሸጥበትን ትንሹን ዋጋ መወሰን የተከለከለ ነው። «የሚመከር ዋጋ» ብላችሁ ዝርዝር መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያንን አባሪ አድርጉት።

3. ሶል ኤጀንትነት፦ ስጦታ አይደለም፣ ሚሸጥ ነገር ነው

እዚ ላይ ነው ብዙ አምራች ሚታሰረው። አከፋፋዩ ብቸኛ መብት ወስዶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ወይ ደግሞ ሌላ ብራንድ ስላለው የናንተን አፍኖ ለመያዝ ቢፈልግ፣ እናንተ ለአመት እጃችሁ ታስሮ ትቀመጣላችሁ። እምቢ በሉ እያልኩ አይደለም፣ አከፋፋዩም እኮ ገበያውን በራሱ ወጪ ካስለመደላችሁ በኋላ ለጎረቤቱ ብትሰጡበት ይጎዳል፣ ጥያቄው ፍትሃዊ ነው። ግን አራት ነገር ሳይመለስ አትስጡ፣ የት፣ ለማን፣ እስከ መቼ፣ በስንት መጠን።

የት ሚለውን በከተማ ስም ጻፉ። ነጋዴው «ደቡብን በሙሉ» ነበር ያሉት። የድሮው ደቡብ ክልል አሁን የለም፣ ተከፋፍሎ ሲዳማ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ምዕራብ ሆኗል፣ ውል ላይ «ደቡብ» ብሎ መጻፍ በኋላ ለክርክር በር መክፈት ነው። የክልል ስም መጻፍም አይጠቅምም፣ ምክንያቱም ንግዱ በክልል ወሰን አይሄድም። ሻሸመኔ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፣ ግን ከሐዋሳ ቅርብ ስለሆነች ከዛ ሚጫን እቃ በቀላሉ ይገባባታል። ስለዚ «ሐዋሳ ከተማ እና ይርጋለም» ብላችሁ ቁጠሩ፣ ዲላና ሻሸመኔን ደግሞ «የመጀመሪያው ስድስት ወር መጠን ከተሟላ ለነሱም አከፋፋዩ ቅድሚያ ይጠየቃል» ብላችሁ አቆዩ። ሰውየው መኪና ሳይልኩባቸው የወሰዷቸው ከተሞች ለናንተ ዝግ ገበያ ናቸው።

ለማን ሚለው ላይ ደግሞ ቀድማችሁ የያዛችሁትን ደንበኛ አውጡ። ሆቴሎች፣ ሱፐርማርኬቶች፣ በጨረታ ሚገዙ መስሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ እነዚህ ከናንተ በቀጥታ ሚገዙ ከሆነ ስማቸውን በአባሪ ዘርዝሩና «አምራቹ በቀጥታ ይሸጥላቸዋል» በሉ። አከፋፋዩ ለነሱ ካደረሰላችሁ የማድረሻ ክፍያ መስማማት ይቻላል።

ቃል ምትገቡትን አረፍተ ነገር በጥንቃቄ ምረጡ፣ ይሄ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ነው። «ሐዋሳ ውስጥ የኛን ምርት ሌላ ሰው አይሸጥም» ብላችሁ አትፈርሙ። መርካቶ ላለ ነጋዴ ከሸጣችሁ የሐዋሳ ባለሱቅ አዲስ አበባ መጥቶ ገዝቶ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ መውሰድ ይችላል፣ እናንተ ልታስቆሙት አትችሉም። መፈረም ያለባችሁ «በነዚህ ከተሞች ውስጥ ለሌላ አከፋፋይ አንሸጥም፣ ከነዚህ ከተሞች ሚመጣ የጅምላ ጥያቄም ወደ አከፋፋዩ እንመራለን» ሚለውን ነው፣ እሱ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ የባች ቁጥር ምቱ፣ የትኛው ባች ለማን እንደሄደ መዝግቡ። አከፋፋዩ «የኔ ገበያ ውስጥ በርካሽ እየተሸጠ ነው» ብሎ ሲደውል ካርቶኑን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ከየት እንደወጣ በአምስት ደቂቃ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ሚወጣው ነፃ እቃ ከሰጣችሁት ሌላ ጅምላ ነው፣ ነፃዋን ካርቶን ከሌሎቹ ጋር ስለሚያቻችላት ከናንተ ዋጋ በታች መሸጥ ይችላል።

እስከ መቼና በስንት መጠን ሚሉት አብረው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ስድስት ወር ስጡ። መጠኑን ከአየር ላይ አትጥሩ፣ አከፋፋዩን «በመኪናዎ ስንት ሱቅ ይደርሳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። 150 ሱቅ ካሉና አንዱ ሱቅ በወር 2 ካርቶን ቢያዞር 300 ካርቶን ነው። አዲስ እቃ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሳታስገድዱ እለፉ፣ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ 240 ዝቅተኛው ይሁን። ከዛ ይቺን አንቀጽ አስገቡ፦ በተከታታይ ሁለት ወር ከ240 በታች ከወረደ ብቸኛ መብቱ በአምራቹ ማስታወቂያ ይነሳል፣ አከፋፋይነቱ ግን ይቀጥላል። ውሉን ማፍረስ ከባድ ነው፣ ሰውም ይጣላል፣ መብቱ ብቻ ሚነሳ ከሆነ ግን ሰውየው ደንበኛችሁ እንደሆኑ ይቀራሉ እናንተም ሌላ ሰው መጨመር ትችላላችሁ። ለአከፋፋዩም ፍትህ እንዲኖረው እናንተ እቃ አጥታችሁ ያላቀረባችሁበት ወር አይቆጠርም በሉ።

በልዋጩ ምትጠይቁትም አለ። እሳቸው ስንት የሳሙና ብራንድ ይይዛሉ? በናንተ ዋጋ አካባቢ ያለ ሌላ ፈሳሽ ሳሙና ከያዙ ብቸኛ መብት መስጠት ትርጉም የለውም። መጋዘናቸውን ሂዱና እዩት፣ ሲያወሩ ሳይሆን መጋዘኑ ውስጥ ያለው ካርቶን ነው ሚነግራችሁ።

4. የክፍያ ቀን፦ ዱቤ ማለት የናንተ ገንዘብ በሰው መጋዘን መቀመጡ ነው

ልጅቷ የገንዘቧን ዋጋ በወር 2 በመቶ አድርጋ ያዘች። 300 ካርቶን ለማምረት 234,000 ብር ታወጣለች፣ 2 በመቶው 4,680 ነው፣ በካርቶን 15 ብር ከ60። የ60 ቀን ዱቤ ማለት በካርቶን 31 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። አሁን የነጋዴውን ጥያቄ አንድ ላይ አድርጉት። 15 በመቶ ማርጂን ትርፏን ከ120 ወደ 69 ያወርደዋል፣ የ60 ቀን ዱቤው ሲጨመርበት 37 ብር ከ80 ይቀራታል። ገና ሚሰበረውና ማይከፈለው ሳይታሰብ።

ከወለዱ በላይ ሚገለው ግን የገንዘቡ መታሰር ነው። በየወሩ እየጫነች በ60 ቀን ከተከፈላት ሁለት ወር ሙሉ ምርት፣ 468,000 ብር፣ ሁሌ ውጪ ነው። ይሄ ገንዘብ ከሌላት በሦስተኛው ወር ላብሳ መግዣ ታጣለች፣ ትዕዛዝ ሞልቶላት ታቆማለች። በዛ ላይ ቫቱ አለ። 300 ካርቶን በ918 ስትሸጥ ደረሰኙ ላይ 41,310 ብር ቫት ይቆረጣል፣ ያንን (በግዢዋ ላይ የከፈለችው ተቀንሶ) በሚቀጥለው ወር ታሳውቃለች ትከፍላለች፣ ነጋዴው ግን ገና አልከፈሏትም። ስለዚ ከ30 ቀን በላይ ዱቤ ስትሰጡ ያልተቀበላችሁትን ቫት ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ካሽ ለሚከፍል ሰው ዋጋ ስጡ። ጭነቱ ሳይወጣ በባንክ ካስገቡ 2 በመቶ ቅናሽ፣ 18 ብር ከ36 ነው፣ የ30 ቀን ዱቤ ሚያስወጣችሁ 15 ብር ከ60 ስለሆነ ትንሽ ነው ልዩነቱ፣ ደግሞ ያለመከፈል ስጋቱ ይጠፋል። ነጋዴ ሰው ካሽ ካለው ይቺን ቅናሽ አያልፋትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀን ከመከራከር ስለ ጣሪያ ተከራከሩ። በወር 300 ካርቶን በሁለት ጭነት ሚሄድ ከሆነ አንዱ ጭነት ከነቫቱ 158,355 ብር ነው። የዱቤ ጣሪያውን 160,000 ብር አድርጉት። ወረቀቱ ላይ 30 ቀን ይላል፣ ሰውየውም 30 ቀን አገኘሁ ብለው ደስ ይላቸዋል፣ ግን ሁለተኛው ጭነት በአስራ አምስተኛው ቀን ሲፈለግ ጣሪያው ስለሞላ የመጀመሪያው መከፈል አለበት። እቃው በደንብ ከተሸጠ ዱቤው በራሱ ያጥራል፣ ካልተሸጠም ያላችሁ አደጋ አንድ ጭነት ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጭነቶች ግን በካሽ አድርጉ፣ ሰው ሳይተዋወቅ ዱቤ የለም።

«ተሽጦ ሲያልቅ እከፍላለሁ» ሚለውን አትቀበሉ፣ ወይ ከተቀበላችሁ ቀን ስጡት፣ «ተሽጦ ባያልቅም በ45ኛው ቀን ይከፈላል ወይ እቃው በጥሩ ሁኔታ ይመለሳል» ብላችሁ። ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠርም ጻፉ፣ ከደረሰኝ ቀን ነው ወይስ ከተረከቡበት ቀን። ከተረከቡበት ይሁን፣ እሱ ፊርማ ስላለው አያከራክርም።

ስለ ቼክ። ቀኑ ገና የሆነ ቼክ እንደ ዋስትና መቀበል ተለምዷል። በንግድ ሕጋችን ቼክ እንደቀረበ ሚከፈል ነው፣ የተጻፈበት ቀን ገና ቢሆንም፣ ደረቅ ቼክ መስጠትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ስለዚ መያዣ ነው፣ ግን ገንዘብ አይደለም፣ አካውንቱ ባዶ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ክስ ነው፣ ክስ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ከፈለጉ የባንክ ጋራንቲ ይዘው ይምጡ። ከሁሉም በላይ ሚሰራው ግን ጭነት ማቆም ነው፣ ስለዚ «ክፍያ ከቀኑ 7 ቀን ካለፈ አምራቹ ጭነት ያቆማል፣ ያቆመበት ወር ለዝቅተኛው መጠን ይቆጠራል» ብላችሁ ጻፉ።

5. ጠረጴዛው ላይ

አንድ በአንድ አትዝጉ። ነጋዴው መጀመሪያ ማርጂኑን ይዘጉና ከዛ «እሺ ዱቤውስ?» ይላሉ፣ በዛን ሰዓት ምትሰጡት እንጂ ምትቀበሉት የላችሁም። «ጋሼ፣ ሦስቱንም እንነጋገርና በመጨረሻ አንድ ላይ እንጨባበጥ» በሉ። ከዛ አማራጭ አቅርቡ። ልጅቷ ሁለት ወረቀት ይዛ ነበር የሄደችው። አንደኛው፣ 918 ብር፣ በካሽ 2 በመቶ ቅናሽ ወይ ደግሞ 30 ቀን በ160,000 ጣሪያ፣ ሐዋሳና ይርጋለም ለስድስት ወር ለእሳቸው ብቻ፣ ከሦስተኛው ወር 240 ካርቶን። ሁለተኛው፣ 60 ቀን ዱቤ ከፈለጉ ዋጋው 950 ብር፣ ብቸኛ መብት የለም። ሁለተኛውን እንደማይወስዱት ታውቃለች፣ ግን ዱቤ ዋጋ እንዳለው በዓይን ያሳያል።

ሰውየው ትንሽ አኩርፈው፣ ቡና ታዞ፣ «ባለፈው ሌላ ፋብሪካ 60 ቀን ሰጥቶኛል» ምናምን ተብሎ፣ አንደኛውን ወሰዱ። የጨመሩት አንድ ነገር ዋጋ ስትጨምሪ አስቀድመሽ ንገሪኝ ሚለውን ነው። ልክ ናቸው፣ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጪ ሚመጣ ጥሬ እቃ ዋጋ እንዴት እንደሚዘል ሁሉም ያውቃል። የ15 ቀን ማስታወቂያ ተስማሙ፣ ግን እሷም አንድ መስመር ጨመረች፦ በማስታወቂያው ጊዜ በድሮው ዋጋ ማዘዝ ሚቻለው እስከ አንድ ወር አማካይ መጠን ብቻ ነው። ያቺ መስመር ባትኖር «ሊጨምር ነው» ሲባል የሦስት ወር እቃ በድሮው ዋጋ ያዝዙ ነበር።

በስምምነቱ መሰረት በካሽ ሲከፍሉ በካርቶን 101 ብር ከ64 ታተርፋለች፣ በ15 ቀን ሲከፍሉ 112 አካባቢ፣ ሙሉውን 30 ቀን ቢወስዱ 104 ብር ከ40።

6. ወረቀቱና የመጀመሪያው ወር

ከመፈረማችሁ በፊት የንግድ ፈቃዱን etrade.gov.et ላይ በቲን ቁጥሩ እዩት፣ የታደሰ መሆኑንና የጅምላ ዘርፍ መሆኑን። ሚፈርመው ሰው ባለቤቱ ነው ወይስ ልጁ ወይስ ማናጀሩ? ባለቤት ካልሆነ ውክልናውን ጠይቁ። ድርጅቱ ፒኤልሲ ከሆነ ዱቤውን ሚበደረው ድርጅቱ እንጂ ሰውየው አይደሉም፣ የግል ዋስትና ከፈለጋችሁ ለብቻው በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ዋስትና በቃል አይጸናም። ውሉ ላይ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ በእያንዳንዱ ገጽ ማህተም ይረፍበት፣ ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ አስመዝግቡት። ክርክር ቢነሳ የትኛው ከተማ ፍርድ ቤት እንደሚታይም ይጻፍ፣ አለበለዚያ ለ300 ካርቶን ሐዋሳ ትመላለሳላችሁ።

ውሉ ሲያበቃ መጋዘን ውስጥ የቀረው እቃ ምን እንደሚሆን አሁኑኑ ተስማሙ። በጥሩ ሁኔታ ያለውን በገዙበት ዋጋ መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ ወይስ በሁለት ወር ሸጠው ይጨርሳሉ? ካልተጻፈ በርካሽ ይበተናል፣ ለአዲሱ አከፋፋይ ገበያውን ያበላሽበታል።

መጀመሪያ ሲጫን ሁለት ኮፒ የመረካከቢያ ወረቀት ይኑር፣ ብዛት፣ ባች፣ የተሰበረ ካለ እዛው ተጽፎ፣ ሚረከበው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም። የተሰበረ እቃ ሚታሰበው እዛው ወረቀት ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው በሉ። ከዛ በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ የሂሳብ መግለጫ ላኩ፣ የተወሰደ፣ የተከፈለ፣ ቀሪ፣ ከታች «ትክክል ነው» ብለው ፈርመው ፎቶውን በቴሌግራም ይመልሱ። አንድ ወር ሳይፈረም ሁለተኛው ወር ላይ አትለፉ፣ ሚጨቃጨቁ ሰዎች ሁሉ ሚጨቃጨቁት ከአራት አምስት ወር በፊት በሄደ ጭነት ላይ ነው፣ የዛን ጊዜ ማንም ማያስታውሰው።